የሽንኩርት ልጣጭ ጨርቁ ላይ ምን ቀለም እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ

ድስቱ ውስጥ የምታዩትን ቀለም አትመኑት። ቀይ ሽንኩርት ልጣጩ ሲፈላ ውሃው እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። ጨርቁ ግን ሲደርቅ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ፣ የወይራ አረንጓዴ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ከልጣጩ ይልቅ ጨርቁ ቀድሞ የተነከረበት ነገር ነው። ይህን ቀለም ማስያዣ እንበለው። አንድ ድስት ልጣጭ፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ የተለያየ ማስያዣ፤ ውጤቱ ጎን ለጎን ሲታይ ከአንድ ድስት የወጣ አይመስልም።

ሌላም ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት ደማቅ ብርቱካናማና ወርቃማ ጨርቆች አብዛኞቹ የተቀለሙት በቢጫ ሽንኩርት ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ የበግ ፀጉር ላይ። እኛ ጋ ደግሞ ገበያው የቀይ ሽንኩርት ነው። ከአዳማ ብዙ በማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ዝርያ ስሙ ራሱ አዳማ ሬድ ነው። ጨርቃችንም ጥጥ ነው። ስለዚህ የፈረንጁን ፎቶ አይቶ ለደንበኛ ቃል መግባት ጣጣ አለው። የራሳችሁን ናሙና ሠርታችሁ ከዚያ ላይ መተንበይ ግን ይቻላል። እዚህ የማሳየው ይህንኑ ነው።

ምሳሌያችን ይሁን፦ አንዲት ደንበኛ 200 ግራም የሚመዝን የጥጥ ስካርፍ በወይራ አረንጓዴ ቀለም ትፈልጋለች። ስካርፉ በሽመና የተሠራ ነጭ ነው። ስካርፉን ከመንካታችን በፊት ከዚያው ጨርቅ፣ ካልሆነም ከዚያው ሸማኔ ከተገዛ ተመሳሳይ ጨርቅ፣ እያንዳንዳቸው 10 ግራም የሚሆኑ አምስት ቁራጮች እንቆርጣለን።

ምን ምን ያስፈልጋል

ልጣጩን ገበያ ሽንኩርት ተራ ሄዳችሁ ለምኑ። ሻጮቹ የደረቀውን ልባስ አራግፈው ነው የሚጥሉት፤ ብዙዎቹ "ውሰጂልኝ እህቴ፣ ገላገልሽኝ" ነው የሚሉት። እርጥቡን፣ የሻገተውንና አፈር የያዘውን ተዉት። የሚጠቅመን ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ደረቅ ልጣጭ ነው። በጣም ቀላል ስለሆነ 50 ግራም እንኳ ትልቅ ፌስታል ይሞላል።

አሉም ማለት ፀጉር አስተካካዮች ከምላጭ በኋላ ፊት ላይ የሚያሹት ነጭ ጠጣር ነገር ነው። በሙቀጫ ይወቀጣል። የሻይ ቅጠልም ያስፈልገናል፤ ለምን እንደሆነ ወደፊት ይመጣል። ብረቱ የሚገኘው ከዛገ ምስማር ነው። አንድ እፍኝ የዛገ ምስማር ጠርሙስ ውስጥ አድርጉና አንድ እጅ አቼቶ ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ጨምሩበት። ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ጥብቅ ከተደረገ ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲቆይ ውሃው ወደ ብርቱካናማ ቡናማ ይለወጣል። የብረት ውሃችን ይህ ነው።

ድስቱ ስቴንለስ ወይም ቀለሙ ያልተላጠ ጣሳ ይሁን። የዛገ ብረት ድስት ራሱ ማስያዣ ሆኖ ሁሉንም ያጠቁራል። ቤት ውስጥ የለመድነው የአልሙኒየም ድስትም ለናሙና አይመከርም፤ አልሙኒየም ወደ ውሃው ስለሚገባ "ማስያዣ የለውም" ያላችሁት ቁራጭ እውነት ማስያዣ የለው እንደሆነ ማወቅ አትችሉም። ለማቅለሚያ የተጠቀማችሁበት ዕቃ ደግሞ ወደ ወጥ አይመለስ።

የውሃውንም ነገር እዩ። የቧንቧው መስመር ያረጀ ከሆነ ውሃው ብረት ይዞ ይመጣል። ጠንካራ ሻይ አፍሉና ቀዝቀዝ ሲል ከቧንቧው ውሃ ጋር ቀላቅሉት። ጠቆር ብሎ ወደ ቀለም ብዕር ውሃ ከሄደ ብረት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ውሃ ላይ ንጹሕ ቢጫ አትጠብቁ፤ የዝናብ ውሃ ወይም የታሸገ ውሃ ፈልጉ።

ጨርቁን ማጠብ

አዲስ ጥጥ የተፈጥሮ ሰምና ዘይት አለው፤ ሸማኔው የተጠቀመበት ማጠንከሪያም ሊኖርበት ይችላል። እነዚህ ካልወጡ ማስያዣው አይገባም። ቁራጮቹን በልብስ ሳሙናና በትንሽ ሶዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅሏቸው። ነጭ መስሎ የታያችሁ ጨርቅ የሚያወጣውን ቢጫ ውሃ ስታዩ ትገረማላችሁ። በደንብ አለቅልቁና አድርቁ። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ጠብታው ወዲያው ከተመጠጠ ጨርቁ ዝግጁ ነው። ላዩ ላይ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ድገሙት። ቀለም ዝንጉርጉር ሆኖ የሚወጣባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ግን ልጣጩን ይወቅሳሉ።

ቁራጮቹን ለመለየት በመቀስ ጠርዛቸውን ቁረጡ፤ አንደኛው ላይ አንድ ጭረት፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እያለ እስከ አምስት። እስክሪብቶ አይሆንም፣ ይለቃል።

አምስቱ ቁራጮች

አንደኛው ምንም ማስያዣ አይነካውም። ሁለተኛው አሉም ብቻ ያገኛል። ሦስተኛው መጀመሪያ ሻይ፣ ከዚያ አሉም። አራተኛው እንደ ሦስተኛው ሆኖ በመጨረሻ፣ ከተቀለመ በኋላ፣ የብረት ውሃ ይነካዋል። አምስተኛው ሻይ ብቻ አግኝቶ ይቀለምና በመጨረሻ ብረት ይነካዋል፤ አሉም የለውም።

ሻይ ለምን? የበግ ፀጉርና ሐር አሉምን በቀጥታ ይይዛሉ። ጥጥ ግን አሉምን በደንብ አይዝም፤ ሲታጠብ ይለቀዋል። በሻይ ውስጥ ያለው፣ ምላስን የሚያኮማትረው ታኒን ግን ጥጥ ላይ ይጣበቃል፣ አሉሙ ደግሞ እሱ ላይ ይጣበቃል። መካከለኛ ሽማግሌ ነው በሉት። ሽማግሌው ግን የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ሻይ ጨርቁን ቀድሞ ትንሽ ስለሚያጠይመው ቢጫው በኋላ ሞቅ ያለና ወደ ቡናማ ያደላ ይሆናል። የሮማን ልጣጭ ካገኛችሁ ታኒኑ ወደ ቢጫ የሚያደላ ስለሆነ ውጤቱ ይበልጥ ይፈካል።

አሠራሩ ይህ ነው። ለሦስተኛው፣ ለአራተኛውና ለአምስተኛው፣ በድምሩ ለ30 ግራም ጨርቅ፣ 15 ግራም ሻይ ቅጠል አፍልታችሁ አጥልሉት። እርጥቦቹን ቁራጮች ሙቅ በሆነው ሻይ ውስጥ ከትታችሁ እስከ ማግስቱ ተዉአቸው። በማግስቱ ቀለል አድርጋችሁ አለቅልቋቸው።

ከዚያ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው የአሉም ውሃ አዘጋጁ። አሉሙ ከደረቅ ጨርቁ ክብደት ሃያ በመቶ ነው፤ ለ30 ግራም ጨርቅ 6 ግራም ይበቃል። በሙቅ ውሃ አሟሟትና ቁራጮቹ ተዝናንተው የሚዋኙበት ያህል ውሃ ጨምሩ። ጣት በማያስችል ሙቀት አንድ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ እዚያው ውስጥ ይደሩ። አሉም ሲበዛ ቀለም ይደምቃል ብሎ እጥፍ መጨመር አይጠቅምም፤ የተረፈው ከውሃው ጋር ይደፋል።

አሁን ልጣጩ። ለአምስቱም ቁራጮች፣ ለ50 ግራም ጨርቅ፣ 50 ግራም ደረቅ ልጣጭ በሦስት ሊትር ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ያህል በቀስታ አፍሉ። አጥልሉትና ልጣጩን ጣሉ። የተለቀለቁትን እርጥብ ቁራጮች አንድ ላይ ክተቱ፤ ከመፍላት በታች በሆነ ሙቀት ለአንድ ሰዓት እያገላበጣችሁ አቆዩአቸው። እሳቱ ይጥፋና እዚያው ይቀዝቅዙ።

ብረቱ ላይ ቆም በሉ

የብረት ውሃ መቼም ቢሆን ወደ ቀለሙ ድስት አይጨመርም። አንድ ጠብታ ከገባ በኋላ ከዚያ ድስት ቢጫ አይወጣም። ሌላ ሳህን ውሰዱ። በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የብረት ውሃ ጨምራችሁ አማስሉ። አራተኛውን ቁራጭ ዘርግታችሁ ክተቱት። አይናችሁን አትንቀሉ። ሰናፍጭ የነበረው ቢጫ በሰከንዶች ውስጥ ከጠርዙ ጀምሮ ይደበዝዛል፣ አረንጓዴ ይገባበታል፣ ከዚያም ይጠቁራል። ጨርቁ የታጠፈበት ቦታ ካለ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ሳታቋርጡ አንቀሳቅሱት።

በአንድ ደቂቃ አውጡትና ግማሹን ቆርጣችሁ አስቀምጡ። የቀረውን መልሳችሁ እስከ አምስት ደቂቃ አቆዩት። አምስተኛውን ቁራጭ ደግሞ በተመሳሳይ መጠን በተዘጋጀ ሌላ የብረት ውሃ እንደዚሁ አድርጉ፤ በተጠቀማችሁበት ውሃ ግን አይሆንም፣ ብረቱን አራተኛው ወስዶታል። ጨርቁ ከብረት ውሃው ከወጣ በኋላም አየር ላይ መጥቆሩን ይቀጥላል። ስለዚህ የምትፈልጉት ቀለም ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አውጡት፤ ደርሷል ስትሉ ካወጣችሁት አልፏል።

ሁሉንም በውሃ አለቅልቁና ጥላ ቦታ አድርቁ። እርጥብ ጨርቅ ላይ አትፍረዱ፤ ሲደርቅ ሁልጊዜም ፈካ ይላል።

ምን ይወጣል፣ ለምን

በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ጥጥ ላይ የምትጠብቁት ይህን ይመስላል። ማስያዣ የሌለው አንደኛው ቁራጭ ሳስ ያለ፣ ወደ ሮዝ ያደላ የቆዳ ቀለም ይይዛል፤ በመታጠብ ብዛት ይለቃል። ሁለተኛው፣ አሉም ብቻ ያገኘው፣ ቀጭን ቢጫ ነው። ሦስተኛው ጠገብ ያለ የሰናፍጭ ቢጫ ነው፤ አንዳንዴ ጥቂት አረንጓዴ ጥላ አለው። አራተኛው በአንድ ደቂቃ የወይራ አረንጓዴ፣ በአምስት ደቂቃ ጥቁር ወይራ ነው። አምስተኛው አረንጓዴነቱ ይጠፋና ወደ ግራጫ ቡናማ ይሄዳል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በልጣጩ ውስጥ ዋናው ቢጫ ቀለም ኩዌርሴቲን ይባላል። ይህ ነገር ብረታ ብረትን እንደ መንጠቆ የሚይዝበት ቦታ አለው። አሉሙ ውስጥ ያለው አልሙኒየም የራሱ ቀለም የለውም። ስለዚህ ኩዌርሴቲን ሲይዘው ቢጫው ይጠነክራል እንጂ አይቆሽሽም። ብረት ግን ከኩዌርሴቲን ጋር ሲጣመር ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይፈጥራል፣ ከሻዩ ታኒን ጋር ሲጣመር ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ግራጫ። አራተኛው ላይ በአሉም የተያዘ ብዙ ቢጫ ስላለ አረንጓዴው ያሸንፋል። አምስተኛው ላይ ቢጫው ትንሽ ነው፣ ታኒኑ ግን ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ግራጫው ያሸንፋል። ይህን ከያዛችሁ ያልሞከራችሁትንም መገመት ትችላላችሁ። ሻዩን ብትቀንሱና ብረቱን እንዳለ ብትተዉት፣ ወይራው ከግራጫው እየራቀ ወደ አረንጓዴ ይጠጋል።

የቀይ ሽንኩርቱ ቅላትስ የት ሄደ? ድስቱን ያቀላው አንቶሳያኒን የሚባል ሌላ ቀለም ነው። ይህ ቀለም ውሃው ኮምጣጣ ሲሆን ይቀላል፤ የኮምጣጣ ተቃራኒ ሲሆን፣ ማለትም ሶዳ ወይም አመድ ሲነካው፣ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ጥጥ ላይም ጸንቶ አይቆይም። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ አንዳንዴ የሚታየው አረንጓዴ ጥላ ግን ከእሱ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ደንበኛ "ድስቱ ውስጥ ያየሁትን ቀይ ነው የምፈልገው" ብትል ከሽንኩርት እንደማታገኘው በግልጽ ንገሯት።

መዳብም ማስያዣ ነው፤ ቡናማ ያለበት ወይራ ይሰጣል። እኔ ግን አልመክረውም። የመዳብ ጨው መርዝ ነው፣ የተረፈውን ውሃ የምትደፉበት ቦታም የለም። የሚሰጠውን ቀለም በትንሽ ብረት መጠጋት ይቻላል።

ከናሙናው ወደ ስካርፉ

ደንበኛዋ ቁራጮቹን አይታ የአራተኛውን፣ የአንድ ደቂቃውን፣ መረጠች እንበል። አሁን የሚሠራው ስሌት ብቻ ነው። ስካርፉ 200 ግራም፣ ቁራጩ 10 ግራም፤ ሃያ እጥፍ ነው። ለአንድ ቁራጭ የደረሰው 10 ግራም ልጣጭ፣ 5 ግራም ሻይ ቅጠልና 2 ግራም አሉም ነበር፤ ስለዚህ ለስካርፉ 200 ግራም ልጣጭ፣ 100 ግራም ሻይ ቅጠል፣ 40 ግራም አሉም። ብረቱም እንደዚሁ፦ ለቁራጩ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ከነበረ ለስካርፉ 100 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሆናል።

ሰው የሚሳሳተው የመጨረሻዋ ላይ ነው። ብረትን በውሃው ልክ ብቻ ለክቶ የጨርቁን ክብደት ይረሳል። ትልቅ ጨርቅ ትንሽ ብረት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የነካው ጫፍ ብረቱን ሁሉ ይወስደዋል፣ ሌላው ጫፍ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከዚያው የብረት ውሃ ጠርሙስ ተጠቀሙ። አዲስ ጠርሙስ ካዘጋጃችሁ ጥንካሬው የተለየ ስለሚሆን የድሮው ናሙና አያገለግልም፤ በአንድ ቁራጭ እንደገና ሞክሩት። ይጠቁር ብሎ ብረት ማብዛትም ጥሩ አይደለም። ብረት የበዛበት ጥጥ ሻካራ ይሆናል፣ በጊዜ ብዛትም ይበላል።

ስካርፉ ጥለት ካለው ክሩ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ሠራሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቀለም አይቀበልም፤ እንደነበረ ይቀራል። አንዳንዴ ይህ ያምራል፣ ግን ደንበኛዋ ቀድማ ማወቅ አለባት። የልብስ መስፊያ ክርም እንደዚሁ ነው፤ ነጭ ስፌት በወይራ ጨርቅ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ኢንዲጎ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው

"ኢንዲጎ በአሉም ምን ይሰጣል፣ በብረትስ?" ብለው የሚጠይቁ አሉ። መልሱ ያው ሰማያዊ ነው። ኢንዲጎ ማስያዣ አይፈልግም። በውሃ አይሟሟም፤ እንዲሟሟ ኦክስጅን በሌለበት የቀለም መያዣ ዕቃ ውስጥ መልኩን መቀየር አለበት። ያኔ ውሃው ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል። ጨርቁ ከዚያ ሲወጣ አየር ያገኘዋል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ዓይናችሁ እያየ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ቀለሙ የተያዘው በብረታ ብረት መንጠቆ አይደለም፣ ክሩ ውስጥ ገብቶ ስለረጋ ነው። በአንዳንድ አሠራር ብረትና ኖራ ወደ ኢንዲጎው መያዣ ይጨመራል፤ እዚያ ግን የብረቱ ሥራ ኢንዲጎውን እንዲሟሟ ማድረግ ነው፣ ቀለም ማስያዝ አይደለም።

ስለዚህ የኢንዲጎ ናሙና በመንከር ብዛት ነው የሚሠራው። አንድ ረጅም ቁራጭ ያዙና ሙሉውን አንዴ ንከሩ፤ አየር ካገኘ በኋላ ከላይ ትንሽ አስቀርታችሁ እንደገና ንከሩ፤ እንዲህ እያላችሁ ደረጃ ሥሩ። ደንበኛ በጣቷ ትጠቁማለች፣ እናንተ የመንከሩን ቁጥር ትቆጥራላችሁ።

ሁለቱ የሚገናኙት አረንጓዴ ስትፈልጉ ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ፦ ኢንዲጎው ይቅደም፣ ሽንኩርቱ ይከተል። የኢንዲጎው ውሃ የሶዳ ወይም የኖራ ባሕርይ ስላለው የሽንኩርቱን ቢጫና አሉሙን ያበላሻል። በሰማያዊ የተቀለመውን በጥቂት አቼቶ ባለው ውሃ አለቅልቁ፣ እጠቡ፣ ከዚያ ሻይ፣ አሉም፣ ልጣጭ። ሰማያዊው ስስ ይሁን፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ የሰናፍጭ ቢጫ ብትደርቡበት አይታይም። የእኛ ሽንኩርት የሚሰጠው ቢጫ ቡናማ ስላለበት የምታገኙት የቅጠል አረንጓዴ እንጂ የባንዲራ አረንጓዴ አይሆንም።

ሳሙናና ፀሐይ

ከማስረከባችሁ በፊት ከተመረጠው ቁራጭ ላይ ሁለት ትናንሽ ቅንጣቢ ቁረጡ። አንዱን ደንበኛዋ ቤት በምትጠቀምበት ሳሙና እጠቡት። የልብስ ሳሙና አብዛኛው የሶዳ ባሕርይ ስላለው የሽንኩርት ቢጫ ወደ ቡናማ ሊያመዝን ይችላል። የሚለወጥ ከሆነ ለስላሳ ሻምፑ እንድትጠቀም ንገሯት።

ሌላውን ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፉት። የአዳማ ፀሐይ አታሾፍም፤ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። ካርቶኑን ስታነሱ በተሸፈነውና ባልተሸፈነው መካከል ያለው ልዩነት ስካርፉ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ይነግራችኋል። የሽንኩርት ቀለም ብርሃንን ብዙ አይችልም። በአሉም የተያዘው ቢጫ ቶሎ ይሳሳል፤ ብረት የነካው ወይራ ይሻላል። ለመጋረጃና ለጠረጴዛ ልብስ ቢጫውን የሚጠይቃችሁ ካለ ይህችን ቅንጣቢ አሳዩትና ከዚያ ይወስን።

ቁራጮቹን ከወፍራም ወረቀት ጋር ስፏቸው። ከጎናቸው የጨርቁን፣ የልጣጩን፣ የሻዩንና የአሉሙን ክብደት፣ የብረት ውሃው የተዘጋጀበትን ቀን፣ ብረት ውስጥ የቆየበትን ደቂቃና ውሃው ከየት እንደተቀዳ ጻፉ። ስካርፉን ያዘዘችው ደንበኛ ከስድስት ወር በኋላ "ለእህቴም ያንኑ" ብላ ስትመጣ የምታዩት ይህንን ወረቀት ነው።